ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ሲገባ፦ የወፍጮ ቤትን ዋጋ በዓመት አጋማሽ ስሌት እንዴት እናውጣ?

ፍኖተ ሰላም አንድ ወፍጮ ቤት ገብቼ ለግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር። ሥራዬ ለነጋዴዎች የንግድ ዕቅድና የዋጋ ስሌት መሥራት ነው። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ አንዲት እህት ወፍጮ ቤቱን ልትገዛ ፈልጋ፣ «እስቲ አንተም በዓይንህ እይልኝ» ብላኝ ነው የሄድኩት። ሚዛኑ አጠገብ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ። ጤፍ ያስፈጨ ሰው ብሩን እዚያ ይጥላል፤ መልሱም ከዚያው ይወጣል። ባለቤቱ በእያንዳንዱ ኩንታል አንዲት መስመር ደብተሩ ላይ ያሰምራል። ገጹ ዱቄት ጠጥቶ እርሳሱ አልይዝ ይላል። እኔ በተቀመጥኩበት በዚያ ግማሽ ቀን ቆርቆሮው ሦስት ጊዜ ሞልቶ ተገልብጧል።

ይህን የማወራው ስለ ቆርቆሮው ብዬ ነው። እህታችን ቀድማ ያሠራችው ስሌት ነበር። ስሌቱ ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ከቆየ በኋላ ሰኔ 30 ማታ በአንድ ጊዜ የሚገባ አድርጎ ቆጥሮታል። በዚህ የተነሳ «አትግዢ» የሚል መልስ ወጣ። የተሳሳተው ዋጋውም ትርፉም አልነበረም። የተሳሳተው ቀኑ ነው።

የዓመት አጋማሽ ስሌት የሚያስተካክለው ይህንን ነው። ከዚህ በታች በዚያው ወፍጮ ቤት ቁጥሮች እየሠራሁ አሳያለሁ። ኤክሴል ካላችሁ አብራችሁ ሥሩ፤ ከሌላችሁም የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

ለምን ግማሽ ዓመት?

ነገ የሚገባ ብር ዛሬ እጅ ላይ ካለ ብር ያንሳል። ዛሬ ያለው እህል ገዝቶ ይሸጣል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ይሠራል። ስለዚህ ወደፊት የሚገባን ገንዘብ ወደ ዛሬ ስናመጣው እንቀንሰዋለን። የምንቀንስበት መቶኛ የቅናሽ ምጣኔ ይባላል። እህታችን ገንዘቧን በእህል ንግድ ብታውለው በዓመት 20 በመቶ እንደምታገኝ ታውቃለች፤ ስለዚህ 20 በመቶን ወሰድን።

ከዓመት በኋላ የሚገባ 120 ብር የዛሬ ዋጋው 100 ብር ነው፤ ለ1.2 ማካፈል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገባ ከሆነ ሁለት ጊዜ ለ1.2 ይካፈላል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ችግሩ የሚመጣው «የመጀመሪያው ዓመት ገቢ» ስንል ነው። የወፍጮ ቤቱ የመጀመሪያ ዓመት ገቢ አንድ ዓመት ጠብቆ አይመጣም። የመጀመሪያው ቀን ገቢ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን ገቢ 365 ቀን ይቆያል። የሁሉንም አማካይ ስንወስድ የአንዱ ብር የጥበቃ ጊዜ ግማሽ ዓመት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ በ1 ፋንታ በ0.5 ዓመት እንቀንሰዋለን። ሁለተኛውን በ1.5፣ ሦስተኛውን በ2.5፣ እንዲህ እያልን እንቀጥላለን።

በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀን የት እንደሚውል ማየት ጥሩ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ጳጉሜን በመካከል አለች። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ አምስቷ የጳጉሜን ቀናት፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልን ብንቆጥር የዓመቱ መሐል 183ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ይወድቃል። የገና ዋዜማ ማለት ነው። እና ስሌቱ የሚለው ይህን ነው፦ የዓመቱ ገቢ በሙሉ በገና ዋዜማ እንደገባ ቁጠረው። ከገና በፊት የገባው ያን ያህል ይቀድማል፣ ከገና በኋላ የገባው ያን ያህል ይዘገያል፤ ይካካሳል።

አንደኛ፦ ገንዘቡ በእርግጥ ዓመቱን ሙሉ እንደሚገባ አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ዘልሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ገንዘቡ እኩል እየተንጠባጠበ ሲገባ ነው። ለዚህ ደብተሩን ማየት ያስፈልጋል። እኔ የባለቤቱን ደብተር ይዤ በየወሩ ስንት መስመር እንደተሰመረ ቆጠርኩ። ከፍ ያሉ ወራት አሉ፣ ዝቅ ያሉም አሉ። የበዓል ሰሞን ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል፤ ክረምት ላይ ይቀንሳል። ግን ባዶ ወር የለም። ሰው ጤፉን ዓመቱን ሙሉ ይበላል፣ ዓመቱን ሙሉም ያስፈጫል።

ከዚህ በተቃራኒ ወደ አዊ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ሂዱ። ብዙ ገበሬ መሬቱ ላይ ዲከረንስ ተክሏል። ዛፉ ጥቂት ዓመታት ይቆማል፤ ከዚያ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ገንዘቡ የሚገባው በቁረጣው ጊዜ በአንድ ላይ ነው። እንበልና አንድ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ከቁረጣው 300,000 ብር ይጠብቃል። በ20 በመቶ ሲቀነስ የዛሬ ዋጋው 120,563 ብር ነው። በዓመት አጋማሽ ስሌት፣ ማለትም በ4.5 ዓመት ቢቀንሰው 132,070 ብር ይወጣል። ያ 11,500 ብር ገደማ ከየትም አልመጣም፤ የውሸት ነው። ዛፉ ስድስት ወር ቀድሞ አይቆረጥም።

በመሐል የሚውል ደግሞ አለ። እህሉን ወቅት ጠብቆ የሚሸጥ ገበሬን ውሰዱ። ዓመቱን ከሐምሌ 1 ብንቆጥርና ከገቢው ሩቡን በጥር አጋማሽ፣ ሦስት ሩቡን በመጋቢት አጋማሽ ቢያገኝ ስሌቱ ቀላል ነው። ጥር አጋማሽ ወደ 200ኛው ቀን ነው፤ መጋቢት አጋማሽ ወደ 260ኛው ቀን ነው። 0.25 በ200 ሲባዛ 50፣ 0.75 በ260 ሲባዛ 195፣ ሲደመር 245። ለ365 ሲካፈል 0.67 ይሆናል። ስለዚህ ይህ ገበሬ 0.5፣ 1.5፣ 2.5 አይበል፤ 0.67፣ 1.67፣ 2.67 ይበል።

የእናንተ ንግድ ከሁለቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ካላወቃችሁ ይህንኑ ቁጥር ሥሩ። አማካይ ቀኑ ከመሐሉ ከአንድ ወር በላይ ካልራቀ 0.5ን ያዙና ቀጥሉ። በ20 በመቶ ምጣኔ የአንድ ወር ልዩነት 1.5 በመቶ ያህል ነው። የገቢ ግምታችሁ ራሱ ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል።

ሁለተኛ፦ የሚንጠባጠበውንና በአንድ ቀን የሚወድቀውን ለዩ

የወፍጮ ቤቱ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ሻጩ የጠየቀው 2,100,000 ብር ነው። ከመብራት፣ ከሠራተኛ፣ ድንጋይ ከማስወቀር፣ ቺንጋ ከመቀየር፣ ከኪራይና ከግብር በኋላ በዓመት 600,000 ብር ይተርፋል። እህታችን አምስት ዓመት ልትሠራበት አስባለች። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ሞተሩንና ወፍጮውን በ400,000 ብር እሸጣለሁ ትላለች።

ሦስት ዓይነት ገንዘብ አለ ማለት ነው። 2,100,000 ብሩ ዛሬ ይወጣል፤ ምንም አይቀነስም። 600,000 ብሩ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ የግማሽ ዓመት ስሌት የእሱ ነው። 400,000 ብሩ ግን አምስተኛው ዓመት ሲያልቅ በአንድ ቀን የሚቀበሉት ነው። ይህ በ5 ዓመት ይቀነሳል እንጂ በ4.5 አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከማያቸው ስህተቶች በጣም የተለመደው ይህ ነው። ሰው የግማሽ ዓመትን ነገር ይማርና በደስታ ሁሉንም ረድፍ በግማሽ ዓመት ወደፊት ያመጣዋል። የማሽኑን ሽያጭ ጭምር። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ለደንበኛዬ ከመስጠቴ በፊት ደርሼበት እንጂ ከባድ ነገር ነበር።

ኪራይና ግብርም ቢሆኑ ጠበቅ አድርገን ካየናቸው ከሚንጠባጠቡት አይደሉም። የቤት አከራይ የዓመቱን በቅድሚያ ከተቀበለ ያ ወጪ የሚወድቀው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በ0፣ በ1፣ በ2 ይቀመጣል። ግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ከሆነ በ1፣ በ2፣ በ3 ይቀመጣል። መጠናቸው ትልቅ ከሆነ ለየብቻ ረድፍ ስጧቸው። በዚህ ወፍጮ ቤት አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ስለሚጎትት፣ መጠናቸውም ትንሽ ስለሆነ ከ600,000ው ውስጥ ተውኳቸው።

ሦስተኛ፦ ጊዜውን ጻፉ፣ ከዚያ ቀንሱ

ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ ይበቃል። A ላይ ዓመቱ፣ B ላይ ገንዘቡ፣ C ላይ ጊዜው፣ D ላይ የዛሬ ዋጋው። ምጣኔውን 20% ብላችሁ F1 ላይ፣ የመግዣ ዋጋውን F2 ላይ አስቀምጡ። ከ2ኛው እስከ 6ኛው ረድፍ አምስቱ ዓመታት ናቸው፤ 7ኛው ረድፍ የማሽኑ ሽያጭ ነው፤ A7 ላይ 5 ጻፉ።

```
C2:  =A2-0.5
D2:  =B2/(1+$F$1)^C2
C7:  =A7
D7:  =B7/(1+$F$1)^C7
```

C2ንና D2ን እስከ 6ኛው ረድፍ ጎትቱ። C7 ግን ለብቻው ነው፤ 0.5 አይቀነስበትም። ጊዜውን በራሱ ዓምድ እንድትጽፉ የምወተውተው ለዚህ ነው። ቀመሩ ውስጥ ከደበቃችሁት ማን ምን እንዳደረገ አይታይም። በዓምድ ከተጻፈ ግን ሌላ ሰውም «ይህ 4.5 ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

የሚወጣው ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት 600,000 የዛሬ ዋጋው 547,723 ብር ነው። የሁለተኛው 456,435፣ የሦስተኛው 380,363፣ የአራተኛው 316,969፣ የአምስተኛው 264,141። አምስቱ ሲደመሩ 1,965,631 ብር ይሆናሉ። የማሽኑ ሽያጭ 400,000 ብር በ5 ዓመት ሲቀነስ 160,751 ብር ነው። ጠቅላላው 2,126,382 ብር።

ሻጩ የጠየቀው 2,100,000 ነው። 26,382 ብር ይተርፋል።

የድሮው ስሌት፣ የዓመት መጨረሻው፣ አምስቱን ዓመታት 1,794,367 ብር ነበር ያላቸው። የማሽኑ ሽያጭ ሲጨመር 1,955,118 ይሆናል። ከተጠየቀው ዋጋ በ144,882 ብር ያንሳል። «አትግዢ» ያስባለው ይህ ነው። ያው ወፍጮ፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው 20 በመቶ።

አራተኛ፦ በአጭር መንገድ አመሳክሩ

ሁለቱን መልሶች የሚያገናኝ አንድ ቁጥር አለ። በዓመት መጨረሻ የወጣውን የሚንጠባጠበውን ገንዘብ ድምር በ1.2 ስኩዌር ሩት ብታባዙት የዓመት አጋማሹ መልስ ይመጣል። የ1.2 ስኩዌር ሩት 1.0954 ነው። 1,794,367 በ1.0954 ሲባዛ (አስርዮሾቹን ሳንቆርጥ) 1,965,631 ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱን ዓመት በእኩል ግማሽ ዓመት ነው ያቀረብነው።

በዚህ ምክንያት በአንድ መስመርም መሥራት ይቻላል።

```
=NPV(F1,B2:B6)*(1+F1)^0.5+B7/(1+F1)^5-F2
```

የኤክሴል NPV የመጀመሪያውን ቁጥር ራሱ አንድ ሙሉ ዓመት ይቀንሰዋል። ስለዚህ ነው በግማሽ ዓመት መልሰን የምናባዛው። የመግዣውን ዋጋ NPV ውስጥ አታስገቡት፤ ካስገባችሁት እሱም ይቀነሳል። የማሽኑን ሽያጭም ከአምስተኛው ዓመት ገቢ ጋር B6 ላይ ደምራችሁ አታስገቡት፤ ከገባ ዛፉ ላይ ያየነው ዓይነት የውሸት ብር ይጨመራል። በእኛ ቁጥር 15,343 ብር ነው። ትርፉ 26,382 ሆኖ ሳለ ወደ 41,725 ከፍ ይላል።

ስህተት መኖሩን ለማወቅ የምጠቀምበት ፈተና አጭር ነው። የአጋማሹን ድምር ለመጨረሻው ድምር አካፍሉ። የሚንጠባጠበው ገንዘብ ብቻ ከሆነ መልሱ በትክክል 1.0954 መሆን አለበት። የማሽኑ ሽያጭ ሲጨመር ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ለእኛ 2,126,382 ለ1,955,118 ሲካፈል 1.0876 ነው። ሽያጩ ተጨምሮም 1.0954 ከወጣችሁ ሽያጩን በስህተት በግማሽ ዓመት አምጥታችሁታል። የሚንጠባጠበው ብቻ ተካፍሎ 1.2 ከወጣችሁ ደግሞ ጊዜውን ከ0 ጀምራችሁ ቆጥራችኋል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ገቢ ምንም አልቀነሳችሁትም ማለት ነው።

በትክክለኛው ቀን የሚቀንሰውን የኤክሴል ቀመር፣ XNPV የሚባለውን፣ ለመጠቀም የምትፈልጉ ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። በእኛ አቆጣጠር የጻፍነውን ኤክሴል የፈረንጅ ቀን መስሎት ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀበላል። ጳጉሜን ሲደርስ ግን 13ኛ ወር አያውቅም፤ ቀን ሳይሆን ጽሑፍ አድርጎ ይይዘውና ስህተት ይሰጣል።

ግማሽ ዓመት ማለት ምን ያህል ትክክል ነው?

«በገና ዋዜማ በአንድ ጊዜ ገባ» ማለትም ግምት ነው። ምን ያህል እንደሚስት ለመጀመሪያው ዓመት ፈትሼዋለሁ። 600,000 ብሩን ቀን በቀን እኩል ከፋፍለን እያንዳንዱን በገባበት ቀን ብንቀንሰው የዛሬ ዋጋው ወደ 548,340 ብር ይሆናል። የአጋማሽ ስሌት 547,723 ነው ያለን። ልዩነቱ 620 ብር ገደማ ነው። የዓመት መጨረሻ ስሌት ግን 500,000 ብር ብሎ ነበር።

አጋማሹ በትንሹ የሚያንሰው ለምን እንደሆነ የሚገርመው ሰው ይኖራል። ቀድሞ የገባው ብር የሚያተርፈው፣ ዘግይቶ የገባው ከሚያጎድለው በትንሹ ይበልጣል። ስለዚህ ማካካሻው ሙሉ አይደለም። ምጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር ልዩነቱም ይሰፋል፤ በ20 በመቶ ግን ለውሳኔ የሚበቃ አይደለም።

ደመወዝ ወይም ኪራይ እንደሚቀበል ሰው ገንዘቡ በየወሩ መጨረሻ ብቻ ከገባ ያው የመጀመሪያው ዓመት ወደ 544,300 ብር ይሆናል። የገንዘቡ አማካይ ጊዜ ስድስት ወር ተኩል ስለሆነ ነው። ለወፍጮ ቤት አያስፈልግም። የሚከራይ ቤት ለሚገዛ ግን ልብ ማለት አይከፋም።

ዓመቱ መሐል ላይ ሲገዛ

እስካሁን ሐምሌ 1 እንደተረከበች ነው የሠራነው። ርክክቡ ጥር 1 ቢሆንስ? ዕቅዱን በበጀት ዓመት የሚሠራ ሰው እዚህ ይሰናከላል።

ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 180 ቀን አለ። ለ365 ሲካፈል 0.493 ዓመት ነው። የዚያ ቁራጭ ዓመት ገቢ 600,000 በ0.493 ሲባዛ ወደ 295,900 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የሚንጠባጠበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መሐሉ የ0.493 ግማሽ፣ 0.247 ነው። ብዙ ሰው ግን ልማድ ይዞት እዚህም 0.5 ይጽፋል። 0.5 የቁራጩ መጨረሻ ነው እንጂ መሐሉ አይደለም። በ0.247 የዛሬ ዋጋው ወደ 282,900 ብር ነው፤ በ0.5 ወደ 270,100 ብር። 12,800 ብር ገደማ በአንዲት ቁጥር ጠፋ።

ቀጣዩ ሙሉ ዓመት ከቁራጩ በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መሐሉ 0.493 ሲደመር 0.5፣ ማለትም 0.993 ነው። ከዚያ 1.993፣ 2.993 እያለ ይሄዳል።

«አልሸጠውም፣ ለልጆቼ ነው» ለሚል

አንዳንዱ ወፍጮውን በአምስት ዓመት አይሸጥም። ሥራው ይቀጥላል። ያኔ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጠቀልላሉ፤ የስድስተኛውን ዓመት ገቢ ለቅናሽ ምጣኔው ያካፍላሉ። ገቢው በየዓመቱ ያድጋል ብለው ከገመቱ የዕድገቱን መቶኛ ከምጣኔው መጀመሪያ ይቀንሳሉ።

ያ ጥቅል በ5 ይቀነስ ወይስ በ4.5? ይህ ጥያቄ የሂሳብ ሰዎችንም ያከራክራል። እኔ የማምንበት መልስ በ4.5 ነው፤ ምክንያቱም ይህ ነው። ያ ማካፈል የሚሰጠን ዋጋ የመጀመሪያው ገንዘብ ከመግባቱ አንድ ዓመት በፊት ያለውን ነው። የስድስተኛው ዓመት ገንዘብ መሐሉ 5.5 ላይ ነው። አንድ ዓመት ወደኋላ ስንሄድ 4.5 ላይ እንገኛለን። 5 ብለን ከቀነስን ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ያለው ገቢ ሁሉ በድንገት ወደ ዓመት መጨረሻ ዞረ ማለት ነው፤ ወፍጮው ግን ሥራውን አልቀየረም።

ጥቅሉ የመጣው ከሽያጭ ዋጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ «በዚያን ጊዜ የዓመት ትርፉን ሦስት እጥፍ ይከፍሉኛል» ብላችሁ ከሆነ፣ መልሱ 5 ነው። እሱ በአንድ ቀን የሚቀበሉት ብር ነው።

ለእህታችን ያልኳት

ቁጥሩን ሳሳያት ፈገግ ብላ «ታዲያ ልግዛ?» አለችኝ። ትርፉ 26,382 ብር መሆኑን ደግሜ ነገርኳት። ከ2,100,000 ብር ላይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ወደኋላ ሠራሁት፦ ትርፉ ዜሮ የሚሆነው ዓመታዊው ገንዘብ ስንት ሲሆን ነው? ከ2,100,000 ላይ የማሽኑን ሽያጭ 160,751 ስንቀንስ 1,939,249 ይቀራል። በአጋማሽ ስሌት የአምስቱ ዓመታት ማባዣዎች ድምር 3.27605 ነው። 1,939,249 ለ3.27605 ሲካፈል 591,947 ብር ገደማ ነው። በዓመት 8,053 ብር ብቻ ብትቀንስ ትርፉ አለቀ።

600,000 ብር በዓመት ማለት በቀን 1,644 ብር ነው። 8,053 ብር የአምስት ቀን ገቢ አይሞላም። ባለፈው ዓመት ከተለመደው በላይ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው የቆመባቸውን ቀናት ከደብተሩ ቁጠሪ አልኳት፤ መስመር የሌለበት ገጽ ቀኑን ይናገራል። ደብተሩን ሻጩ አውሷት ለሁለት ቀን ቤቷ ወስዳ ቆጠረች። ዘጠኝ ቀን አገኘች። በሦስተኛው ቀን ሻጩ ዘንድ የሄደችው ደብተሩንና ስሌቱን ይዛ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ነው።